«እንደ ቤተሰባችን ነበረች» የሚለው ቃል ስንት ሸቅል ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በእስራኤል አረጋዊ ስትንከባከብ የኖረች ሠራተኛ ስትሰናበት ቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚጽፍላት የሚያስረዳውን ያለፈው ሳምንት ጽሑፋችሁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ፊሊፒንስና ስለ ሕንድ ሠራተኞች ቪዛ በሰፊው ተብራርቷል፤ በየከተማው አዛውንት ስናጥብና ስናጎርስ የምንውለው የቤተ እስራኤል ሴቶች ግን በአንድ መስመር እንኳ አልተነሣንም። ይህንንስ ለምደነዋል። ዝም እንዳልል ያደረገኝ ለናሙና ያተማችሁት የስንብት ደብዳቤ፣ በተለይም «እንደ ቤተሰባችን ነበረች፤ በመካከላችንም የቀረ ሒሳብ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር ፈርሜአለሁ። አንዲት አሮጊት እናት አራት ዓመት ተኩል ተንከባክቤአለሁ። ብሔራዊ የመድን ተቋሙ ቢቱዋህ ለኡሚ ለእርሳቸው የፈቀደላቸውን ሰዓት የሚከፍለኝ ተንከባካቢ የሚመድበው የሲዑድ ድርጅት ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ለማድርባቸው ሌሊቶች ራሳቸው በየወሩ 3,000 ሸቅል ይሰጡኝ ነበር። ሲሞቱ የሰባቱ ቀን ሐዘን እንዳለፈ ልጃቸው ያችኑ ወረቀት ከአንድ ሣጥን ቸኮሌት ጋር አመጣልኝ። ቤተሰብ ከሆንሁ ውርስ ሲከፈል ማን ሊጠራኝ ነው ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ የሐዘን ቤት ነውና አፌን ይዤ ፈረምሁ። ልጁን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ እንደ እናንተ ያለ ጽሑፍ አንብቦ ይሆናል።

ጸሐፊያችሁ «ታማሚው ሲሞት ሥራው በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ያሰናበታት የለም፤ ካሣም ካለ የድርጅቱ ጉዳይ ነው» ብለዋል። በ1963 የወጣው የስንብት ካሣ ሕግ ግን ሥራው በአሠሪው ሞት ምክንያት ሲቋረጥ ሠራተኛዋ እንደተሰናበተች ተቆጥሮ ፒጹዪም የሚባለው ካሣ እንዲከፈላት ያዛል፤ የሚከፈለውም ከሟቹ ውርስ ነው። ድርጅቱን በተመለከተ ደግሞ እንደኔ ያለችው ሴት ሁለት አሠሪ እንዳላት ጸሐፊው ዘንግተዋል። ድርጅቱ ሌላ አረጋዊ ሲመድብልኝ ከድርጅቱ ጋር ያለኝ ሥራ ይቀጥላል እንጂ አልተቋረጠም፤ በሌሊቱ ሥራ ግን አሠሪዬ ሟቿ ብቻ ነበሩ፤ እርሱም ያበቃው በእርሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ የሌሊቱን ሒሳብ ከድርጅቱ መጠበቅ ጎረቤት የተበደረውን እንዲከፍልልኝ እንደ መለመን ነው።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ካሣው ለአንድ ዓመት ሥራ የአንድ ወር የመጨረሻ ደመወዝ ስለሆነ፣ 3,000 ሸቅል በአራት ዓመት ተኩል ሲባዛ 13,500 ሸቅል ይሆናል። ቤተሰቡ በየወሩ ለጡረታ ፈንድ የካሣውን ድርሻ ማለትም ከደመወዙ 6 በመቶ ሲያስገባ ኖሮ ቢሆን፣ ያ ገንዘብ የካሣውን 72 በመቶ ማለትም 9,720 ሸቅል ይሸፍናል፤ የሚጎድለውን 3,780 ማሟላት ብቻ ይቀራቸው ነበር። በእኔ ስም ግን አንድ ሸቅል አልገባም። የመጨረሻው ወር ደመወዝ፣ ያልወሰድሁት የዓመት ዕረፍትና በየዓመቱ ለመዝናኛ የሚሰጠው የሐቭራኣ ክፍያ ከዚህ የተለዩ ናቸው።

«ፈርመሽ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ለወራት ራሴን የወቀስሁት በዚሁ ነበር። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 29 እንደሚለው ግን ካሣን የሚመለከት ስምምነትም ሆነ «ተቀብዬ ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት የሚጸናው በጽሑፍ ሆኖ ስለ ስንብት ካሣ መሆኑን በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው። ካሣ የሚለው ቃል በሌለበት ምስጋና መካከል የተሸጎጠች «የቀረ ሒሳብ የለም» ካሣዬን አትሰርዝም። እናንተ ለናሙና ያተማችኋት ወረቀት እንግዲህ ሠራተኛዋን ታስፈራራለች እንጂ ቤተሰቡን እንኳ አታድንም።

ያን ቀን የሚከተለው ቢሰጠኝ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ፦

«ክብርት ወይዘሮ፣ እናታችንን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሌሊት ተንከባክበዋል፤ ሥራው ያበቃው በእናታችን ሞት ምክንያት ነው። የመጨረሻ ደመወዝዎ፣ ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍትና ሐቭራኣ ይህን ያህል፣ የስንብት ካሣዎ 13,500 ሸቅል ሆኖ እስከዚህ ቀን በባንክ ሒሳብዎ ይገባል። እናታችን ሌሊት ደንግጠው ሲነቁ መብራት ሳያበሩ እጃቸውን ይዘው ያረጋጓቸው እንደነበር አንረሳም፤ እናመሰግናለን።»

ቀኖቹ በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው ለጌጥ አይደለም፤ ድርጅቱ ሌላ አረጋዊ እስኪመድብልኝ ሥራ አጥነት ለማስመዝገብ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት መቼ ጀምሬ መቼ እንዳቆምሁና ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ቸኮሌቱን ማንም አልጠየቀኝም። ምስጋናውም ያደረግሁትን ነገር ለይቶ ሲጠራ ምስጋና ይሆናል፤ «እንደ ቤተሰብ» ግን ለማንም የሚሰፋ ልብስ ነው።

እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ይታተምልኝ። ናሙናውንም አንሡት፤ ዛሬም ገልብጦ የሚያስፈርም አለ።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ