ለልጄ፦ ሳትፈርሚ ብር አትላኪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ትናንት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለሠርግሽ ድንኳንና ድምፅ የሚያከራይ ሰው እንዳገኘሽ ነገረኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ ነገ ከነገ ወዲያ 20 ሺህ ብር ቀብድ በስልክ ልትልኪለት እንደሆነ ጨመረልኝ። «ወረቀት ተጻፈ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «በቃል ተስማምተዋል፤ ሰውየው ጨዋ ነው» አለኝ። ጨዋ ያድርገው። አንቺ ግን ሳትፈርሚ ብር አትላኪ።

የእኅትሽን ሠርግ ታስታውሻለሽ? አንቺ የቬሎዋን ጫፍ ይዘሽ ከኋላዋ ስትሄጂ ነበር። ድምፁን የተዋዋልሁት እኔ ነኝ። ሰውየው 45 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ እኔ 35 አልሁት። ግማሽ ቀን ተከራክረን በ38 ሺህ ተጨባበጥን። 7 ሺህ ብር አስቀነስሁ ብዬ ለአባትሽ እየተኩራራሁ ነገርሁት። በሠርጉ ዕለት አባትሽ ሊመርቅ ተነሥቶ ማይክሮፎኑን እንደያዘ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን አስነሣ ብዬ ወደ ሰውየው ሮጥሁ። «እማማ፣ ጄኔሬተር በ45ቱ ነበር፤ በ38ቱ የለም» አለኝ። ሲቀንስልኝ ምን እንዳወጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አባትሽ በባዶ አፉ መረቀ። የፊተኛው ረድፍ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ከንፈሩን ብቻ አየ። ሌላ ልጅ መርቆ ለመዳር ዕድሜ አላገኘም። ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ ዋጋ ማስቀነሱን ተዪ አልልሽም። ሰውየው «እሺ፣ ይቀነስ» ባለ ቁጥር ግን «ከምኑ ላይ ነው የቀነስኸው?» በዪው። «ከምንም» ካለ ያንኑ በወረቀቱ ላይ ያስፍር፤ የሚሰጥሽ ዕቃ ሁሉ በቁጥር ይጻፍ። ከቻልሽ ደግሞ ከብሩ ይልቅ ሌላ ነገር አስጨምሪ። 5 ሺህ ብር ከማስቀነስ ድንኳኑ በዋዜማው እንዲተከል ማስማማት ይሻልሻል። ለእሱ ሠራተኞቹን ግማሽ ቀን ቀድሞ መላክ ነው፤ ለአንቺ ግን የተጣመመውን ለማቃናት አንድ ሌሊት ይሰጥሻል። ጠቅላላ ዋጋው 120 ሺህ ብር ነው ያለሽም ታክሱን ጨምሮ እንደሆነ ጠይቂው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በኋላ ከላይ ቢያርፍበት 138 ሺህ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ የተከራከርሽው ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ስለ ቀብዱ። አጎትሽ ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ስለሠራ እሱን ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ሠርግሽ የፋሲካን ጾም ተከትሎ በሚመጣው የሠርግ ወራት ነው። የሠርግሽ ሳምንት ሲደርስ ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ቢሰጠው፣ ለአንቺ 40 ሺህ ብር መልሶ ድንኳኑን ለዚያኛው ማከራየት ያዋጣዋል። አንቺ 40 ሺህ ብር ይዘሽ በዚያ ሳምንት ከየት ድንኳን ታመጫለሽ? ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል ሌላ ስምምነት አድርጊ። ከፋሲካ በኋላ ማናቸውም ወገን ውሉን ማፍረስ እንደማይችል፣ ካፈረሰም የሚከፍለው መቀጫ ስንት እንደሆነ በብር ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ፣ ሳትፈርሚም፣ ብር አትላኪ።

በወረቀቱ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፊ፦ እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 2026። ሰዓቱም «እስከ 4 ሰዓት» ተብሎ እንዳይቀር፤ «እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት» ይባል። ሰዓቱ ቢያልፍ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚጨመር አሁኑኑ ተስማሚ፤ በሠርጉ ማታ ዋጋ ለመነጋገር ጉልበት አይኖርሽም።

ድንኳኑን በደንብ እይው፤ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ወር ነው። አክስትሽ ግቢ ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ስለሚገጠም ውኃ የሚገባው በመጋጠሚያው ነው። በእኅትሽ ሠርግ ማግሥት፣ በመልሱ ዕለት፣ አያትሽ ልክ ከመጋጠሚያው ሥር ተቀምጣ ነጠላዋ በስብሶ ነበር። መጋጠሚያው ላይ ውኃ መውረጃ ሸራ እንዳለው፣ የጎን መጋረጃውም በዙሪያው በሙሉ እንደሚመጣ ይጻፍ። ያየሽውን ድንኳን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ከወረቀቱ ጋር አያይዢና እሱም በፎቶግራፉ ጀርባ ይፈርም። «ተመሳሳይ ድንኳን» የሚል ቃል ካየሽ አሰርዢ። በዚያ እሑድ ለሦስት ሠርግ ቃል የገባ ሰው ለሦስተኛው የሚልከው አሮጌውንና የተቀደደውን ነው።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ «አለ» የሚለው ቃል አይበቃም። ነዳጁ በማን ወጪ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ አጠገቡ ቆሞ የሚያስነሣው ሰው እንዳለ ይጻፍ። በዋዜማው ድንኳኑ እንደቆመ መብራቱን አጥፉና አምፖሎቹና ስፒከሮቹ ሁሉ ተጭነውበት ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ። ባዶውን ተነሥቶ ቢጮህ ምንም አያሳይም፤ ጭነት ሲገባበት አምፖሉ ከፈዘዘ ወይም ስፒከሩ ከተቆራረጠ አቅም የለውም ማለት ነው። የወጥ ቤቱን ሰዎች ደግሞ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚያ መስመር ላይ እንዳይሰኩ።

ክፍያውን ከዚህ ጋር አያይዢው። ስትፈርሙ 20 ሺህ፣ በዋዜማው ድንኳኑ ተተክሎ ድምፁ ተሞክሮ ካየሽ በኋላ 70 ሺህ፣ ቀሪው 30 ሺህ ሁሉ ተነቅሎ ወንበሩ ተቆጥሮ ሲረከብ። ሙሉውን አስቀድሞ ካልተቀበልሁ ካለሽ፣ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ገና ጊዜ አለሽ። ወንበሩን ሲገባም ሲወጣም ወንድምሽ ከእነሱ ሰው ጋር ቆጥሮ ሁለቱ ይፈርሙ። ያለዚያ «12 ወንበር ጎደለ» ሲሉሽ የምትመልሺው አይኖርሽም። የተሰበረ ወንበር ስንት እንደሚያስከፍልም አስቀድሞ ይጻፍ።

ከመፈረምሽ በፊት ንግድ ፈቃዱን ጠይቂና ስሙን ብሩን ከምትልኪበት የባንክ ሒሳብ ስም ጋር አስተያዪ። ካልተመሳሰለ አትላኪ። ሁለት ምስክር ይኑር፤ አንዱ አጎትሽ ይሁን። ረቂቁን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ያለ መነጽሬ ስለማላነብ በትልቁ አድርጊው።

ተቆጣሁ አትበዪኝ። በአንቺ ተማምኜ ነው የምጽፈው፤ ከልጆቼ ሁሉ ቆጣቢዋ አንቺ ነሽ፤ ዋጋ ስታስቀንሺም የኔን እጅ አይብሻለሁና ነው የምፈራው። ቅቤውንና ድርቆሹን ይዤ ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ እመጣለሁ። የአባትሽን ጋቢም አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ለአጎትሽ አለብሰዋለሁ፤ በአባትሽ ፈንታ የሚመርቅሽ እሱ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በዋዜማው ማይክሮፎኑን ሲሞክሩ እሱ ይናገርበት፤ አንቺ ደግሞ ሄደሽ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አድምጪ።

እናትሽ