የወላጆች ስብሰባ መቼ ይሁን?

ቀን፦ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የስብሰባ ቀን እንድትመርጡ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን፣

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ተጠናቋል። ካርድ የምናስረክብበትና ስለ 6ኛና 8ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት የምንነጋገርበት ስብሰባ ልንጠራ ነው። ሁለት ቀን አቅርበናል፤ የሚመቻችሁን አንዱን ምረጡ።

አንደኛው ሐሙስ የካቲት 26 (በፈረንጆቹ ማርች 5) ከጠዋቱ 2፡15 እስከ 3፡15 ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ የካቲት 28 (ማርች 7) ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 4፡30። በሁለቱም ቀን የሚነገረው አንድ ነው። ሐሙስ ያልመጣ ሰው ምንም አያመልጠውም።

እዚህ ቀን ላይ እንዴት እንደደረስን ላስረዳ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል። ረመዳንም ጨረቃ ከታየች ረቡዕ የካቲት 11፣ ካልሆነም በማግስቱ ይጀምራል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሊገቡ ነው። ከመምህራን መካከል «ጾሙ ይውጣና እንሰብሰብ» ያሉ ነበሩ። ፋሲካ ግን ሚያዝያ 4 ነው። በሒሳብ ወደኋላ የቀረ ልጅ ወላጁ ሳያውቅ ሁለት ወር ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ያ አያስኬድም።

«እንግዲያው ከጾሙ በፊት ይሁን» ተባለ። ከጾሙ በፊት ያለው ቅዳሜ የካቲት 7 ነው፣ ቅበላ። በዚያ ሰሞን የሰርግ ካርድ ያልደረሰው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሚዜ የሆነውን አባት ካርድ ውሰድ ብሎ መጥራት ትርፉ ትዝብት ነው። የካቲት 14 ጾሙ ገና የጀመረበት ሳምንት ነው፤ ሰውነት አልለመደም፣ ቤት ውስጥም ሁሉም ነገር ሰዓቱን እየቀየረ ነው። የካቲት 21 ደግሞ ሰኞ ዓድዋ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ሦስቱን ቀን አያይዞ ክፍለ ሀገር ይወጣል። መጋቢት 5 ቅዳሜ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። መጋቢት 12 ላይ ደግሞ ዒድ ራሱ ሊውል ይችላል፤ ባይውል እንኳ ማግስቱ ይሆናል። እንዲህ እያልን ስንሰርዝ የካቲት 28 ተረፈ።

«የካቲት 28ም እኮ አማኑኤል ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው። ግን ከወሩ ውስጥ መታሰቢያ የሌለበት ቀን ፈልገን ልናገኝ አንችልም። ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን አስተካከልን። የቅዳሜው ስብሰባ 3፡30 ላይ የሚጀምረው ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እንዲደርስ ነው።

ሐሙስን የጨመርነው ደግሞ ቅዳሜን እንደ ሰንበት የሚያከብሩ ወላጆች ስላሉን ነው። እነሱን በሰንበታቸው ጠርተን «ካልመጣችሁ ተወካይ ላኩ» ብንል አያምርም። እሁድንም በተመሳሳይ ምክንያት አልነካንም። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ እናድርገው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እሱም ተነሣ። ከ11 ሰዓት በኋላ ያለውንማ ማንሳትም አያስፈልግም። ማፍጠሪያው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ሰው ከታክሲ ሰልፍ ጋር እየታገለ ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። ጠዋት 2፡15 ላይ ግን አብዛኞቻችሁ ልጅ ልታደርሱ በር ላይ ናችሁ። ከመሥሪያ ቤት የአንድ ሰዓት ፈቃድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለአሠሪ የሚታይ የጥሪ ወረቀት የምትፈልጉ ከጽሕፈት ቤት ውሰዱ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ምርጫ ብቻ አለ፦ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሁለቱም አይመቸኝም። ምክንያት የሚጻፍበት መስመር የለውም። ሆን ብለን ነው ያስቀረነው። የማይመቻችሁ በጾም ይሁን በፈረቃ ሥራ፣ በሕመም ይሁን በለቅሶ ለእኛ ለውጥ የለውም። ከልጁ ስም ተነሥተን «እነ እገሌ እስላም ናቸው፣ ቅዳሜ ይመቻቸዋል» ብለን እንዳንመድብም ተስማምተናል። በአንድ ቤት እናትና አባት የተለያየ ሃይማኖት የሚከተሉባቸው ቤተሰቦች አሉን። ጾም ሆኖ የማይጾምም አለ፤ በሕመም፣ በእርግዝና፣ ወይም በራሱ ምክንያት። መምህራንም ተማሪዎችን «እናንተ ቤት ትጾማላችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ ነግሬያለሁ። ልጅ በጓደኞቹ ፊት ለዚህ መልስ መስጠት የለበትም።

የስብሰባው ቀን ማኪያቶና ኬክ አይቀርብም። ለገንዘብ አይደለም። ችግሩ ትሪው ነው። አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ፊታችሁ ሲቆም አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ግን እኛ ዘንድ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። «ኧረ በሞቴ ቅመሺ» ይባላል። አልቀምስም ያለችው እናት ጾመኛ መሆኗን ልታስረዳ ነው። የቀመሰውም አጠገቡ ያለውን ሰው እያየ ይሳቀቃል። ስለዚህ የታሸገ ውሃ በአዳራሹ መግቢያ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የፈለገ ያነሣል፤ ማንም ማንንም አይጋብዝም።

ስለ አጻጻፋችንም አንድ ነገር ልበል። የስብሰባው ጥሪ መጀመሪያ ሲረቀቅ «እንኳን ለታላቁ ጾም አደረሳችሁ» ብሎ ይጀምር ነበር። በቅን ልቦና የተጻፈ ነው። ሆኖም ጥሪው ለሁሉም ወላጅ የሚሄድ ነው፣ ሁሉም ደግሞ ጾሙን አይጾምም። «ሁለቱንም ጾም እንጥቀስ» ቢባልም ሁለቱንም የማይጾሙትን ትቶ ያልፋል። ስለዚህ በጥሪ ወረቀት ላይ ጉዳዩን ብቻ እንጽፋለን። የመልካም ምኞት መልእክት በየበዓሉ ዕለት ለብቻው ይወጣል። ይህ ድርቅ ያለ ነገር መስሎ የሚታያችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን በዓልን ከካርድ ጥሪ ጋር ከማዳበል ይሄኛው ይሻላል እላለሁ።

በረመዳን ወቅት የክፍል ኃላፊ መምህራን ማታ ማታ አይደውሉም። የሚደወል ነገር ካለ ከ11 ሰዓት በፊት ይደወላል። ልጅ ከታመመ ወይም ከተጎዳ ግን በየትኛውም ሰዓት እንደውላለን። ዒድ አልፈጥር ዓርብ መጋቢት 11 ይውላል ተብሎ ይጠበቃል። ጨረቃዋ የምትወስነው ስለሆነ ከሐሙስ መጋቢት 10 እስከ ሰኞ መጋቢት 14 ድረስ ፈተናም ሆነ የቤት ሥራ ማስረከቢያ አልመደብንም። በሕማማት ሳምንትም እንዲሁ።

ቁራጩን ወረቀት ሞልታችሁ እስከ ዓርብ የካቲት 6 በልጃችሁ በኩል ላኩልን። ያልመለሰ ሰው ተስማምቷል ብለን አንወስድም፤ የክፍል ኃላፊው ደውሎ ይጠይቃል። «ሁለቱም አይመቸኝም» ላሉ ወላጆች ከየካቲት 30 ጀምሮ ባለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡00 እስከ 2፡30 የክፍል ኃላፊው በቢሮው ይጠብቃቸዋል። ካርዱንም እዚያው ይወስዳሉ። በሌላ ሰው የምታስወስዱ ከሆነ የሚወስደውን ሰው ስም በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ሰውየውም መታወቂያውን ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለወላጅ መምህር ኅብረት