እማዬ፣ ማክሰኞ ሌሊት ለምን እንዳልደወልኩልሽ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ? ልጆቹ ታመው ሳልደውልልሽ በማደሬ እንደተቀየምሽኝ እህቴ ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ብደውልልሽ እስኪነጋ ቁጭ ብለሽ እንደምታድሪ ስለማውቅ ነው እንጂ ሳላስብሽ ቀርቼ አይደለም። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ትልቁ ጋለ። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ስር ባደርገው 39.6። ትንሽ ቆይቶ ሚጣንም ያዛት፣ የእሷ ግን 38.4 ነበር። ልቤ በሙሉ ትልቁ ላይ ሆነ፤ የባሰበት እሱ መሰለኝ። ለሁለቱም የፓራሲታሞል ሽሮፕ እንደየክብደታቸው ለክቼ ሰጠኋቸውና ብርድ ልብሱን ገፍፌ ስስ ልብስ አለበስኳቸው። አንቺ ብትኖሪ በጋቢ ጠቅልለሽ እስኪያልባቸው ትይዣቸው ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን መጠቅለሉ ሙቀቱን እንዳይወጣ ያፍነዋል፣ እማ።

6 ሰዓት ላይ ትልቁ አላበው። ውሃ ጠጣ፣ ሸና፣ ጭራሽ ዳቦ አምጪ አለኝ። የሚጣም ትኩሳት 37.5 ወርዶ ስለነበር እፎይ ብዬ ጋደም ልል ስል ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ሲል ሰማሁት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፦ ልጅ ሲያተኩሰውም ሲያለቅስም ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ስለዚህ የሚቆጠረው ረጋ ሲል ነው፣ ያውም አንድ ደቂቃ ሙሉ። ተኝታ ሳለች ሹራቧን ገልጬ፣ ስልኬን አጠገቧ አድርጌ፣ ሆዷ በተነሳ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። 52። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፣ 51። ዓመት ለሞላው ልጅ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው የሚባለው፣ እሷ ደግሞ ዓመት ከስድስት ወሯ ነው።

አባታቸው መስክ ወጥቷል፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ ሁለት ልጅ ይዤ በዚያ ሌሊት የት ልግባ? ስቀሰቅሳት ትነቃለች፣ ጡት ትጠባለች፣ አላስመለሳትም፣ አላንቀጠቀጣትም፣ ስትተነፍስም ከጎድኗ በታች ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ከእነዚህ አንዱን ባይ ኖሮ በዝናብም እወጣ ነበር። እስኪነጋ ልጠብቅ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በየግማሽ ሰዓቱ እቆጥር ጀመር።

11 ሰዓት ላይ ጡት ስትጠባ ሁለቴ ሳብ ታደርግና ለመተንፈስ ትለቀዋለች፣ እንደገና ትይዝና ትለቃለች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም። ጎረቤቴን ቀስቅሼ ራይድ ጠራን፣ ትልቁንም ይዘነው ሄድን።

ክሊኒክ እንደደረስን እነሱም ቆጠሩላት፣ ደረቷን አዳመጡ፣ በጣቷ ላይ ኦክስጅኗን ለኩ። ኦክስጅኗ ደህና ነው፣ ግን የሳንባ ምች ጀምሯታል አሉኝ። በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን ታዘዘላት። ያ 39.6 የነበረው ትልቁ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ከፓራሲታሞሉ ሌላ ምንም አልሰጡትም።

ዛሬ ጠዋት ቆጠርኳት፣ 38 ነው። ጡቷንም ሳትለቅ ጠባች። ነገ ታይታ እንድትመለስ ቀጥረውናል፤ ገና ከበሩ ሳልወጣ እደውልልሻለሁ።

ልጅሽ