74 ለ51፦ የአንድ ክትባት ቁጥሮች እንዴት ይነበቡ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የጤና ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። በቅርቡ ስለ አንድ መድኃኒት ጥናት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለኝ። «ፒ-ቫልዩው 0.03 ስለሆነ መድኃኒቱ ለመሥራቱ 97 በመቶ እርግጠኛ መሆን ይቻላል» ይላል። እኔ ለጤና ባለሙያዎች ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ወረቀት ላይ እሰርዛለሁ፤ ከጎበዝ ሐኪሞች አፍም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ጸሐፊውን ልወቅስ አልተነሣሁም። ስህተቱ የት ጋ እንዳለ ግን ማሳየት እፈልጋለሁ።

ክፍል ውስጥ የምጠቀምበትን እውነተኛ ጥናት ልውሰድ። ታይላንድ ውስጥ የተካሄደው የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ ነው፤ አር ቪ 144 ይሉታል። ከ16 ሺህ በላይ ፈቃደኞች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ እነሱም አያውቁም፣ መርፌውን የሚሰጡትም አያውቁም። ለሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2009 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ሲነገር ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በፊት በሰው ላይ ተሞክሮ ኤች አይ ቪን የመከላከል ምልክት ያሳየ ክትባት አልነበረምና።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ከተከተቡት 8,197 ሰዎች 51ዱ በቫይረሱ ተያዙ። ካልተከተቡት 8,198 ሰዎች ደግሞ 74ቱ ተያዙ። ክትባቱ ተጋላጭነትን በ31.2 በመቶ ቀንሷል ተባለ። ፒ-ቫልዩው 0.04 ነበር።

ይህ 0.04 ከየት መጣ? በሳንቲም ላሳያችሁ። በጠቅላላው የተያዙት 125 ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ስለሆኑ፣ ክትባቱ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ የተያዘ ሰው በየትኛውም ቡድን የመገኘት ዕድሉ እኩል ነው። አንበሳ ከወጣ የተከተበ፣ ሌላው ገጽ ከወጣ ያልተከተበ እንበል። ሳንቲሙን 125 ጊዜ ወርውሩት። አብዛኛውን ጊዜ 60 ለ65፣ 64 ለ61 ወይም ለዚህ የቀረበ ነገር ታገኛላችሁ። 51 ለ74 ያህል ወይም ከዚያ በባሰ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ውጤትስ? መቶ ጊዜ ብትደጋግሙት አራት ወይም አምስት ጊዜ ያህል ያጋጥማችኋል። ፒ-ቫልዩው የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ክትባቱ ባዶ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለ ልዩነት በዕድል ብቻ ስንት ጊዜ ሊታይ ይችላል?

ልብ በሉ፤ ስሌቱ የተጀመረው «ክትባቱ ባይሠራ» ብሎ ነው። አለመሥራቱን እንደ መነሻ የወሰደ ቁጥር፣ አለመሥራቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ መልሶ ሊነግረን አይችልም። ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የወባ ታማሚዎች አብዛኞቹ ትኩሳት አላቸው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሁሉ ግን ወባ የለበትም። ከትኩሳተኞቹ ስንቱ ወባ እንዳለበት ለማወቅ፣ በዚያ ወረዳና በዚያ ወቅት ወባው ምን ያህል እንደተስፋፋ ማወቅ አለባችሁ። ቆላ ላይና ደጋ ላይ መልሱ አንድ አይደለም።

ምርምርም እንደዚያው ነው። ለሒሳብ ያህል መቶ አዳዲስ ክትባቶች ተሞከሩ እንበል። ኤች አይ ቪ አስቸጋሪ ነውና ከመቶው የሚሠሩት አሥር ብቻ ናቸው ብለን እንነሣ። ጥናቶቹ ጥሩ ከሆኑ ከአሥሩ ስምንቱን ይለያሉ። ከማይሠሩት 90 ክትባቶች ደግሞ አምስት በመቶው፣ ማለትም አራት ወይም አምስቱ፣ በዕድል ብቻ በልማድ እንደ ድንበር ከሚወሰደው ከ0.05 በታች የሆነ ፒ-ቫልዩ ይዘው ያልፋሉ። እንግዲህ «ሠራ» ከተባሉት አሥራ ሁለት ያህል ክትባቶች ከሲሶ በላዩ የማይሠሩ ናቸው ማለት ነው። «95 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ያለ ሰው እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሳተ ታያላችሁ። ከአሥር ይልቅ ሃምሳዎቹ የሚሠሩ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያው እንደ ቆላውና ደጋው።

አሁን ወደ ታይላንድ ልመለስ፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። በመጀመሪያ የተነገረው አንዱ ስሌት ብቻ ነበር። ሙሉው ጽሑፍ በኦክቶበር ሲወጣ ሦስት ስሌቶች ታዩ። የመጀመሪያው የተመዘገቡትን ሁሉ የቆጠረ ነው። በዚህኛው 56 ለ76 ሆኖ ፒ-ቫልዩው 0.08 መጣ። ሁለተኛው ያ የምናውቀው 51 ለ74 ነው፤ መርፌው ሳይጀመር ቫይረሱ በደማቸው እንደነበረ የታወቀ ሰባት ሰዎችን አውጥቶ 0.04 አገኘ። ሦስተኛው መርፌውን ሁሉ በፕሮግራሙ መሠረት የጨረሱትን ብቻ ወሰደ። 36 ለ50 ሆነ፤ ፒ-ቫልዩውም 0.16።

ያን ጊዜ ጭቅጭቁ ጦፈ። አንዱ «ይሠራል» አለ፣ ሌላው «እንደ ሦስተኛው ስሌት አይሠራም» አለ። ግን ሦስቱን ኮንፊደንስ ኢንተርቫሎች፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማማው ውጤታማነት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ የሚያሳዩትን ክልሎች፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመጀመሪያው ስሌት የክትባቱ ውጤታማነት ከ-4.0 እስከ 47.9 በመቶ ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ክትባቱ ተጋላጭነትን ጨመረ ማለት ነው። በሁለተኛው ከ1.1 እስከ 52.1። በሦስተኛው ከ-13.3 እስከ 51.9። ሦስቱም ያው አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ጥቅም ያለው ይመስላል፣ ምናልባትም ጥሩ ጥቅም፣ ግን ከዜሮ ብዙም ላይርቅ ይችላል»። የሚለያዩት ዜሮን በጥቂት በማለፋቸው ወይም ባለማለፋቸው ብቻ ነው። በሳንቲሙ ስሌት፣ ካልተከተቡት 74 ታማሚዎች አንዱ ብቻ ወደ ተከተቡት ቢዛወርና 52 ለ73 ቢሆን፣ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ይወጣል። ከ16 ሺህ ሰው የአንድ ሰው ዕጣ ነው «ተሳካ» እና «አልተሳካም» የሚለውን ርዕስ የሚቀይረው።

ስለ ኢንተርቫሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህም ላይ ሰው ይሳሳታልና። «እውነተኛው ውጤታማነት ከ1.1 እስከ 52.1 የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። 95 በመቶው የሚናገረው ስለ መንገዱ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት መቶ ጊዜ ቢደገምና በየጊዜው ኢንተርቫል ቢሠራ፣ 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር በውስጣቸው ይይዛሉ። በእጃችን ያለው አንዱ ከያዙት ይሁን ከሳቱት አናውቅም። እኔ ተማሪዎቼን «ከመረጃው ጋር በደንብ የሚስማሙ ቁጥሮች ዝርዝር አድርጋችሁ አንብቡት» እላቸዋለሁ። ዝርዝሩም ሁሉን እኩል አያይም። መሀሉ ላይ ያለው 31 ከመረጃው ጋር አጥብቆ ይስማማል፣ ጫፍ ላይ ያሉት 1 እና 52 ግን በግድ ነው። የኢንተርቫሉ ስፋት ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ አለው። ከምንም ከማይሻል ክትባት አንስቶ ከግማሽ በላይ እስከሚከላከል ክትባት ድረስ የተዘረጋ ከሆነ፣ ጥናቱ ገና ብዙ አልነገረንም።

የቀረው 31 በመቶው ራሱ ነው። ብዙ ሰው «ከመቶ የተከተቡ ሰዎች 31ዱ ዳኑ» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም። ካልተከተቡት ከሺህ ሰው ዘጠኙ ተያዙ፤ ከተከተቡት ከሺህ ስድስቱ። ልዩነቱ ከሺህ ሦስት ሰው አይሞላም። አንድ ሰው እንዳይያዝ ለማድረግ ወደ 350 ሰው መከተብ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። የተከተበው ሰው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ እየተመላለሰ ነው መርፌውን የሚጨርሰው። ይህ ክትባቱን ለማናናቅ የተባለ አይደለም። የታይላንዱ ሕዝብ ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ ነበር። ያው 31 በመቶ እውነት ሆኖ ብዙ ሰው በሚያዝበት አካባቢ ቢሠራ ኖሮ ከሺህ የሚድነው ሰው ብዙ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ሁለቱንም ቁጥር አብሮ መጻፍ የሚያስፈልገው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፣ አልጨፈሩምም። ክትባቱን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለሚገኘው ሲ ለተባለው የቫይረስ ዝርያ እንዲስማማ አድርገው እዚያው ሞከሩት። ይህ ዝርያ የእኛም አገር ዋነኛ ዝርያ ስለሆነ ጉዳዩን በጉጉት ስከታተል ነበር። ከ5,400 በላይ ፈቃደኞች ተሳተፉ። በፌብሩዋሪ 2020 ሙከራው ቆመ፦ ከተከተቡት 129፣ ካልተከተቡት 123 ሰዎች ተይዘው ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በተራው «ክትባቱ ሰዎችን ለበሽታ አጋለጠ» ሊል ቃጣው። ሳንቲሙን 252 ጊዜ ወርውሩት፤ የስድስት ልዩነት ምንም የሚያስደነግጥ አይደለም። በሌላ በኩል የክትባቱ አሠራርም፣ ቫይረሱም፣ ሕዝቡም ተቀይሯል። ስለዚህ ይህ ውጤት የታይላንዱን ሐሰት ነበር ብሎ አይደመድምም። ያ 0.04 ግን ብዙዎች እንደተረዱት የ96 በመቶ ዋስትና እንዳልነበረ ማንም ሊያየው ይችላል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የጥናት ዜና ስታወጡ ከስንት ሰው ስንቱ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ የሚለውን ለሁለቱም ቡድን ጻፉልን፤ ኢንተርቫሉንም ጨምሩበት። ፒ-ቫልዩውን ብትተዉት አልቀየምም። የባንኮኩን ዜና እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከተከተቡ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች 51ዱ፣ በቁጥር እኩል ከሆኑ ያልተከተቡ ሰዎች ደግሞ 74ቱ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ክትባቱ ተጋላጭነትን በሲሶ ገደማ የቀነሰ ይመስላል። ሆኖም መረጃው ጥቅሙ ከግማሽ በላይ ነው ከሚለውም፣ ከቁጥር የማይገባ ነው ከሚለውም ጋር ይስማማል። ተመራማሪዎቹ ሦስት ዓይነት ስሌት ሠርተዋል፤ ሦስቱም ወደ ጥቅም ያጋድላሉ፣ ሁለቱ ግን ዜሮንም አያስወጡም።»

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የስታቲስቲክስ መምህር
አዲስ አበባ