ጊዜ ያለፈባቸው 41 ካርቶኖች፦ የሥራ ዝግጅት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥራ ዝግጅት ክበብ ዘንድሮም ቅዳሜ ጠዋት ሲሰበሰብ ከረመ። ቅዳሜ የሆነው የማታ ተማሪዎቻችን በሥራ ቀን ስለማይመቻቸው ነው። በጥቅምት አባላት መዘገብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ ዕቅድ አጸደቅን። ይህን የማያደርግ ክበብ ስለሌለ አልዘረዝረውም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሲቪ የኮሌጅ ጉዳይ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ይሠራለታል?» ይሉኛል። በማታ ክፍላችን አንድ ቀን ያስተማረ ሰው እንዲህ የሚል አይመስለኝም። ተማሪዎቻችን ቀን ሱቅ ይሸጣሉ፣ ካፌ ያስተናግዳሉ፣ መጋዘን ይሠራሉ። ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው የበለጠ የሥራ ልምድ አላቸው። የጎደላቸው ያንን ልምድ ለሌላ ቀጣሪ የሚያሳዩበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ብዙ ነገር ከመነካካት አንድ ነገር ላይ ቆየን። ሲቪ ላይ ከተደረደሩት ግዴታዎች ውስጥ አንድ የተሠራ ሥራ ፈልጎ ማውጣትና በደንብ መናገር ላይ ማለት ነው።

እንዴት እንደሠራን በአንዲት የ12ኛ ክፍል የማታ ተማሪያችን ጉዳይ ላሳያችሁ። ለመጽሔቱ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ቀን የምትሠራው በአንድ የምግብ ሸቀጥ ጅምላ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው። ይዛው የመጣችው ሲቪ የሥራ ልምድ በሚለው ሥር እንዲህ ይል ነበር፦ ዕቃ መረከብ፣ ዕቃ ወጪ ማድረግ፣ ቢን ካርድ መመዝገብ፣ በቆጠራ መሳተፍ፣ ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን።

ውሸት የለበትም። ችግሩ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቃል በቃል ይህንኑ መጻፍ መቻሉ ነው። ዝርዝሩ የተቀዳው ከሥራ መደቡ መግለጫ ላይ ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ በአገራችን የሥራ መግለጫዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የማይጠፋው ነው። እንዲህ ያለው ሲቪ ሰውየው ምን እንዲሠራ ታዞ እንደነበር ይናገራል። በደንብ ሠርቶት ይሁን አይሁን አይናገርም። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ግን እሱን ነው።

ታሪኩን ለማግኘት እያንዳንዱን ግዴታ አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ ይህን ሥራ በግዴለሽነት ብትሠሪው ምን ይበላሽ ነበር? ልጅቷ «ዕቃ ወጪ ማድረግ» ላይ ስትደርስ ወዲያው «ብስኩቱና የዱቄት ወተቱ ጊዜው ያልፍበት ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ክር ተተረተረ። መጋዘኑ በር ያለው በአንድ በኩል ነው። አዲስ የመጣው ካርቶን በሩ አጠገብ ይወርዳል። ደንበኛ ሲመጣም ከበሩ አጠገብ ያለው ተነስቶ ይሰጣል። አሮጌው ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ይቀርና ቆጠራ ሲደረግ ጊዜው አልፎበት ይገኛል። እሷ ታዲያ የማብቂያ ቀኑን በካርቶኑ ፊት ላይ በወፍራም ማርከር ትጽፍ ጀመር። ቀድሞ የሚያበቃው ከፊት እንዲሆንም አደረገች። በሦስት ወር ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልቁትን ደግሞ በደብተር እየመዘገበች ለሽያጭ ክፍሉ መስጠት ያዘች።

ይህን ሁሉ ስትናገር እኔ ዝም ብዬ እሰማ ነበር። ለእሷ ግን ይህ የዕለት ሥራዋ ነው እንጂ ሲቪ ላይ የሚጻፍ ነገር አይመስላትም። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ሥራ ነው» አለችኝ። ይህን ከብዙ ተማሪ እሰማለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የውጤት ጥያቄ ነው። «ምን ያህል ቀነሰ?» ስላት «በጣም» አለች። «በጣም» ለቃለ መጠይቅ አይበቃም። ቁጥር ስትገምት «60 የነበረ ይመስለኛል» አለች። ግምት እንዳትጽፍ ነገርኳት። ለአለቃዋ ለምን እንደፈለገችው አስረድታ፣ አስፈቅዳ፣ የቆጠራ ቅጾቹን አየች። ከለውጡ በፊት በነበረው የሦስት ወር ቆጠራ የተወገደው 41 ካርቶን ነው። ከለውጡ በኋላ በነበረው 9 ነው። 60 ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ቀጣሪው ወደ አለቃዋ ደውሎ ሲጠይቅ እውነተኛው ሥራዋም አብሮ በተጠረጠረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ አባላችን «ምናልባት በዚያ ሦስት ወር የገባው ዕቃ ራሱ አንሶ ይሆናላ?» ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትንሽ ዕቃ ከገባ የሚበላሸውም ያንሳል። ልጅቷ ተመልሳ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸውን ቢን ካርዶች አየች። በመጀመሪያው ሦስት ወር የገባው 620 ካርቶን፣ በሁለተኛው 540 ነበር። ልዩነት አለ፤ ግን ይህን ያህል አይደለም። ከመቶ ካርቶን ወደ ሰባት ገደማ ይወገድ የነበረው ከሁለት በታች ወርዷል ማለት ነው። አሁን ቁጥሩ ቢጠየቅም የሚቆም ሆነ።

በእኛ ባህል ከባዱ የሚቀጥለው ነው። ልጅቷ ታሪኩን ስትናገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ደረደርን፣ ጻፍን፣ ቀነስን» ትል ነበር። «አደረግኩ» ማለት ጉራ ሆኖ ይሰማታል። ያሳደግናቸው ራስን ማሞገስ ነውር ነው እያልን ስለሆነ አልፈርድባትም። ቀጣሪው ግን የሚቀጥረው እሷን ነው፤ የእሷ ድርሻ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለበት። መፍትሔ ያደረግነው የእያንዳንዱን ድርሻ ለየብቻው መናገር ነው፦ «ሐሳቡን ለአለቃዬ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ቀኑን የምጽፈውና ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ካርቶኑን ያዟዟሩት ሁለቱ የጭነት ሠራተኞች ናቸው።» እንዲህ ሲባል የማንም ላብ አይሰረቅም፤ የራሷም አይደበቅም።

ሲቪዋ ላይ የገባው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «የማብቂያ ጊዜው የቀረበ ዕቃ ቀድሞ እንዲወጣ የመጋዘኑን አደራደር ለመቀየር ሐሳብ አቅርቤ ተግባራዊ አደረግኩ። በሦስት ወር ቆጠራ ጊዜው አልፎ የሚወገደው ዕቃ ከ41 ካርቶን ወደ 9 ወረደ።» ሌሎቹ ግዴታዎች አልተሰረዙም፤ አንድ መስመር ላይ ተጠቃለው ከሥሩ ገቡ። የቢን ካርድ ዕውቀት የሚፈልግ ቀጣሪ እነሱንም ይፈልጋቸዋል። የቀረው ታሪክ በቃል የሚነገር ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። የመጋዘኑን ሁኔታ በአጭሩ፣ የራሷን ሥራ በሰፊው፣ ውጤቱን በቁጥር። የአሠሪዋን ስም እያነሱ ኪሳራውን ማውራት ግን አይገባም። «የምሠራበት መጋዘን» ማለት ይበቃል።

በመጋቢት አባላቱን ይዤ በከተማችን ወዳለ አንድ ፋብሪካ ሄድን። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እንደ እውነተኛ አመልካች ሊጠይቁልን ፈቅደው ነበር። ውለታቸውን አልረሳውም።

መጀመሪያ የገባው ልጅ «በምሠራበት ሱቅ ሽያጭ በ50 ፐርሰንት አሳድጌያለሁ» አለ። «ከስንት ወደ ስንት?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ኃላፊዋ አላሳፈሩትም፤ «የምታውቀውን አንድ ነገር ንገረኝ» አሉት። ደንበኞች እየጠየቁ የሚያጡትን ዕቃ በወረቀት እየያዘ ለባለሱቁ ይሰጥ እንደነበር ነገራቸው። «በቃ፣ ይሄን ተናገር» አሉት። እሱም ከሁሉም ይልቅ የጠቀመው ይህ መልስ መሆኑን ሲመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁት።

ከዚያ የመጋዘኗ ልጅ ገባች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታሪኩን ስትጨርስ ኃላፊዋ ያልተለማመድነውን ጥያቄ ጠየቋት፦ «የጭነት ሠራተኞቹ እምቢ አላሉሽም?» እኔ ደነገጥኩ። እሷ ግን ፈገግ አለች። «ብለውኛል» አለች። «አዲሱን ወደ ጥግ መውሰድ ለእነሱ ሁለት ጊዜ መሸከም ነው። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ አለቃዬን አስፈቅጄ በመሃል መተላለፊያ አስከፈትኩ። አዲሱ በቀኝ ይወርዳል፣ አሮጌው ከግራ ይወጣል። የግራው ሲያልቅ በተራው አዲስ ይወርድበታል። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተጨቃጨቀም።» ይህን ለእኛም ነግራን አታውቅም ነበር። በልምምድ የመጣ መልስ አይደለም፤ በእጇ የሠራችው ሥራ ስለሆነ የመጣ ነው። ኃላፊዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ስለ መተላለፊያው ስፋት ይጠይቋት ጀመር። አንዲት የማታ ተማሪ ስለ ሥራዋ ከባለሙያ ጋር እኩል ስትነጋገር ማየት ምን ያህል ልብ እንደሚሞላ መግለጽ ይከብደኛል።

ሥራ የሌላቸው የቀን ተማሪዎችስ? እነሱም አልቀሩም። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ቤተ መጻሕፍታችንን ሲያግዝ በክፍል የተለየ የውሰት መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። ስንት መጽሐፍ እንደተመለሰ የቆጠረ ሰው ስለሌለ ቁጥር አላስገባንም። «እኔ ከለቀቅኩ በኋላም በዚሁ መዝገብ እየተሠራበት ነው» የሚለው ውጤቱ ሆነ። እውነት ነው፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ያልተሳካልንም አለ። ሁለተኛው ጉብኝት በትራንስፖርት ምክንያት ቀረ። ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ የ12ኛ ክፍል አባላት ቁጥር አሽቆለቆለ። ከሁሉ የባሰው ግን ማተሚያ ማጣታችን ነው። እያንዳንዱ ሲቪ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ታርሞ ይታተማል፤ ይህን በውጭ የሚከፍሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለዋንጫና ለቲሸርት በጀት የሚገኝበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለወረቀት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

የመጋዘኗ ልጅ በአዲሱ ሲቪ ለንብረት ሠራተኝነት አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው። ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ማተሚያ፣ የዓመት ወረቀትና ለሁለት ጉብኝት የሚሆን የአውቶቡስ ኪራይ ነው። በሥራ ላይ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ለአንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ልጆቹን ብትጠይቁልን ገንዘብ ከመስጠት አይተናነስም። ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል። የሚመጣ ተማሪ ያለውን የሥራ ዝርዝር ሳያሳምር እንዳለ ይዞ ይምጣ።