ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ለፋሲካ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ስንቴ እንደሰማሁት አልነግርሽም። «ምን በድዬሽ ነው?» ያልሽበት ቦታ ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ። ምንም አልበደልሽኝም። ስልክሽን ያላነሳሁት «ባልሽ እንዴት ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው። ለሌላው ሰው «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። አንቺን ግን መዋሸት አልችልበትም።

ባለቤቴ ታሟል። ሕመሙ ድባቴ ነው። ሐኪም ዘንድ እስክንሄድ ድረስ እኔ ስንፍና እለው ነበር፤ አማቴ ደግሞ ዓይነ ጥላ ይሉት ነበር።

የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ የተበላሸው እንቅልፉ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይነጋል። ቀጥሎ የአርሰናልን ጨዋታ ማየት ተወ። ታውቂዋለሽ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ ሚዜዎቹን ውጤት ሲጠይቅ የዋለ ሰው ነው። ቀስ በቀስ ገላውን መታጠብም ከበደው። አያለቅስም፣ አይጮህም። ዝም ብሎ ከመሃላችን ወጣ።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ሁሉንም ነገር ተሸከምኩት። ለአለቃው እየደወልኩ አንድ ቀን ጉንፋን፣ ሌላ ቀን ወገቡን ነው እላለሁ። ልብሱን አወጣለታለሁ፣ ስልኩን እመልስለታለሁ፣ ለቅሶ ብቻዬን እደርሳለሁ። ሰንበቴዬን ተውኩ። ጠዋት ከጎረቤት ጋር የምሄደውን የእግር ጉዞ ተውኩ። በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የምተኛው፤ እሱ ሲነቃ እኔም እነቃለሁና። ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ውስጤ ግን ቂም እየቋጠረ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ፈነዳሁ። «አንተ ተኝተህ እኔ እየሞትኩልህ ነው! ሰነፍ!» አልኩት። የክርስትና ልጅሽ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። እሱ አልመለሰልኝም። ጠዋት ላይ ግን ቀስ ብሎ «ከእኔ ብትገላገሉ ይሻላችኋል» አለኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ከጠየቅሁት ሐሳቡን ራሴ የማስገባበት መስሎኝ ትንሽ አመነታሁ። በኋላ ግን በግልጽ ጠየቅሁት፤ «ራስህን ማጥፋት ታስባለህ?» አልኩት። «መሞት ሳይሆን አለመንቃት ነው የምመኘው» አለኝ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መጠየቄ ትክክል እንደነበር ነገረኝ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ እንዲያውም ሰውየው የደበቀውን እንዲያወጣ በር ይከፍትለታል አለኝ።

ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት ታዘዘለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፉም ባሰ። መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ለውጡ ግን ቶሎ የሚታይ አይደለም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። እሱም በአንዴ አልተመለሰም። መጀመሪያ ምግብ ቀመሰ፣ ቀጥሎ ተነስቶ መንቀሳቀስ ጀመረ። ደስታው የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ሐኪሙ በዚህ መሃል ያለው ጊዜ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብሎኝ ነበር፤ ጉልበቱ ተመልሶ ልቡ ገና ጨለማ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዕቃ እኔ ያዝኩ።

ለሕክምና ስንመላለስ አንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ ነበረች። በሦስተኛው ቀጠሮ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አለችኝ። እህቴ፣ ስንት ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ የቆየ ጥያቄ ነው! እንባዬ ቀደመኝ። ግፊቴን ስትለካው 150 በ95 ሆነ።

ያን ቀን ያለችኝ ነገር ቤታችንን ቀየረው። «የእሱን ሕመም አንቺ ልትታመሚለት አትችዪም» አለችኝ። ወቀሳ በበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ ነገረችኝ። ሁሉን ነገር መሥራትም እንደማይረዳው ነገረችኝ፤ ሰውየው ለምንም አልረባም የሚለውን ሐሳቡን ያጸናበታል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ አደርግ ነበር።

በመጀመሪያ ለአለቃው መዋሸት አቆምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ራስህ ትደውላለህ፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አልኩት። ሁለት ቀን አልደወለም። እነዚያን ሁለት ቀናት ስልኩን አንስቼ ላለመደወል እንዴት እንደታገልኩ! በሦስተኛው ቀን ደወለ። «ሕክምና ላይ ነኝ፣ ጊዜ ስጡኝ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርስ ግን ቡና ጠየቀኝ።

የምለምነውም ነገር ተለወጠ። «ተነስ፣ ወጣ በል፣ ተዝናና» ማለት ትቼ አንዲት ትንሽ ነገር እሰጠዋለሁ። ልጅቷን እስከ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ አድርስ፤ በቃ። ደስ እስኪለው አንጠብቅም፤ መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ ስሜቱ ኋላ ይከተላል። የቀረበት ቀን ካለ አልቆጣም፤ ነገ ደግሞ እንሞክራለን።

ለራሴ ደግሞ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ወሰድኩ። ወንድሙ ይመጣና አብሮት ያመሻል። ለወንድሙ እውነቱን ለመንገር ብዙ ተሟገትን፤ እሱ አፈረ፣ እኔ ግን ብቻዬን አልችልም አልኩ። በመጀመሪያው ሐሙስ ካፌ ተቀምጬ ስልኬን ብቻ ሳይ አመሸሁ። በአራተኛው ከጎረቤቴ ጋር መራመድ ጀመርኩ። አሁን ግፊቴም ወርዷል። ልጄ ላይ መጮህም ቀንሻለሁ፤ ጨርሶ ጠፋ አልልሽም።

አማቴ ጠበል ይሂድልኝ አሉ። እኔ የፈራሁት መድኃኒቱን እንዳያስጥሉት ነበር። የንስሐ አባታችን ግን «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ» ብለው አስታረቁን።

ሚያዝያ ላይ ተሻለው። ስለተሻለው ለእኔም ሳይነግረኝ መድኃኒቱን አቆመ። ሰኔ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደገና መንቃት ጀመረ። ምልክቱን ስላወቅሁት አልቆየሁም፤ በሳምንቱ ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል እንዳለበት፣ ማቆምም በሐኪም እየተቀነሰ ብቻ መሆኑን ያኔ ነው በደንብ የገባን። ስቆጣ ግን አልቀረሁም። ለአንድ ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ዳግም ቢከብደው በቃል መናገር እንደማይችል ነገረኝ። ስለዚህ ከ10 ስንት እንደሆነ በጣቱ ያሳየኛል። ከሦስት በታች ከሆነ ነገሩን ለሐኪሙ እንነግራለን። ትናንት ስድስት ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ እሱ ሳሎን ውስጥ ከክርስትና ልጅሽ ጋር ይጫወታል። እንደ ድሮው አይደለም። ሳቁ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኔም እንደ ድሮዋ አይደለሁም፤ ስለ አንቺም ምንም ሳልጠይቅ ዓመት አለፈ። እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻለ?

ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ስልክሽን አትዝጊው። መንገድ ላይ እየተራመድኩ እደውልልሻለሁ።

እወድሻለሁ።