ቀለሙን ያደበዘዘው ፀሐዩ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ቤት ስትለቅ አከራይዋ መያዣ ብሯን በሙሉ ለቀለም አስቀሩባት። በድሬ ፀሐይ የደበዘዘ ግድግዳና ውኃው ነጭ ድንጋይ ያስያዘው ቧንቧ ቤት ሲኖሩበት የሚመጣ እርጅና ነው፤ ተከራይ አይከፍልበትም። ልጇ በኳስ የሰበረው መስኮት ግን የእሷ ዕዳ ነው።

ግድግዳውን በሚስማር ቦዳድሳው ቢሆን እንኳ ሙሉ ዋጋ መጠየቅ አይገባም። 4 ዓመት የሚያገለግል ቀለም 3 ዓመት ከኖረችበት የቀረው ሩቡ ነው። ማስቀቢያው 20,000 ብር ቢፈጅ የእሷ ድርሻ 5,000 ብር ነው። እዚህ ላይ አከራዮች ይቆጣሉ፤ ግን አሮጌ ቀለም ሰጥቶ አዲስ መቀበል አያስኬድም።

ተከራዮች፣ በገባችሁበት ቀን ግድግዳውንና መስኮቱን አከራዩ ባሉበት ፎቶ አንሱ፤ ከውሉ ጋር አያይዙት።

አንድ ተከራይ፣ ከድሬዳዋ